የቤት ኪራይ ዋጋ ጣሪያ፦ የእጥረቱ፣ የጠፋው ትርፍና የጥቁር ገበያው ሂሳብ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ሂሳቡን የምንሠራው በየትኛው ገበያ ላይ ነው?

በአንድ ከተማ ውስጥ ባሉ ተመሳሳይ ስቱዲዮ ቤቶች ላይ ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ ከየትኛውም ከተማ መረጃ አልተወሰዱም። P የወር ኪራይ በብር ነው፣ Qd ተከራዮች የሚፈልጉት የቤት ብዛት ነው፣ Qs አከራዮች የሚያቀርቡት።

```
Qd = 22000 - P
Qs = P - 2000
```

ኪራይ በ1,000 ብር ሲወደድ 1,000 ተከራዮች ከገበያው ይወጣሉ፤ አንዱ ከጓደኛው ጋር ይዳበላል፣ ሌላው ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል። በዚያው ልክ ሌሎች 1,000 ቤቶች ለኪራይ ይወጣሉ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 24,000 = 2P ሲሆን ነው። ስለዚህ ሚዛናዊው ኪራይ 12,000 ብር፣ የሚከራዩት ቤቶችም 10,000 ናቸው። ሁለት ጫፎችንም መያዝ ያስፈልጋል፦ ከ22,000 ብር በላይ ለመክፈል የሚፈቅድ ተከራይ የለም፤ ከ2,000 ብር በታች የሚያከራይ ባለቤትም የለም። እነዚህ ትርፍና ኪሳራን የምንለካባቸው ሦስት ማዕዘኖች ጫፎች ስለሆኑ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ማንኛውም ጣሪያ እጥረት ያመጣል?

አያመጣም። ጣሪያው 14,000 ብር ቢሆን ገበያው በ12,000 እየሠራ ስለሆነ ማንንም አይነካም። ከሚዛናዊው ዋጋ በታች ሲወርድ ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚህ በኋላ ጣሪያውን 9,000 ብር እናድርገው።

እጥረቱ እንዴት ይሰላል?

ጣሪያውን በሁለቱም ቀመሮች ውስጥ እናስገባለን።

```
Qd = 22000 - 9000 = 13000
Qs = 9000 - 2000  = 7000
Qd - Qs           = 6000
```

እጥረቱ 6,000 ቤት ነው። ይህን ቁጥር ይዞ «ጣሪያው 6,000 ቤት አጠፋ» የሚል ሰው ግን ተሳስቷል። ከገበያው የጠፉት ቤቶች 3,000 ናቸው፤ 10,000 የነበሩት 7,000 ሆነዋል። የቀሩት 3,000 በርካሹ ዋጋ ምክንያት አዲስ የመጡ ፈላጊዎች ናቸው። በ12,000 ብር ተዳብለው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በ9,000 ለብቻቸው መውጣት ይፈልጋሉ። በፈተና ወረቀትም በጋዜጣም ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ይኸው የሁለቱ መደባለቅ ነው። እጥረት በዚያ ዋጋ በሚፈለገውና በሚገኘው መካከል ያለ ርቀት ሲሆን፣ የቀነሰው ቤት ደግሞ ከበፊቱ ጋር ሲነጻጸር የጎደለው ነው።

እጥረቱ ሕጉ በወጣ በማግሥቱ 6,000 ይሆናል?

አይሆንም። ቤት በአንድ ወር አይፈርስም። በመጀመሪያዎቹ ወራት 10,000ዎቹ ቤቶች ተከራይተው ስለሚቆዩ አቅርቦቱ ዋጋው ቢረክስም ከሞላ ጎደል አይለወጥም፤ እጥረቱም 13,000 ሲቀነስ 10,000፣ ማለትም 3,000 ብቻ ነው። የቤት ብዛት ስላልቀነሰ በሦስት ማዕዘን የሚለካው ኪሳራም ያን ጊዜ ዜሮ ነው። ጣሪያ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት «ምንም አልተፈጠረም» የሚባለው ለዚህ ነው።

ቤቶቹ የሚወጡት ቀስ በቀስ ነው። ተከራይ ሲለቅ ባለቤቱ ለልጁ ይሰጠዋል፣ ይሸጠዋል፣ ለቢሮ ወይም በቀን ለሚከፍል እንግዳ ያከራየዋል። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 ከ1980 በፊት የተሠሩ ትንንሽ ባለ ብዙ መኖሪያ ሕንፃዎችን በኪራይ ቁጥጥር ሥር አስገብታ ነበር። በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው የእነዚህ ሕንፃዎች ባለቤቶች የሚያከራዩትን ቤት በ15 በመቶ ቀንሰዋል፤ አብዛኛው ወደ ሽያጭ ቤትነት የተለወጠ ወይም ፈርሶ እንደገና የተሠራ ነው። በከተማዋ ያለው ኪራይም በ5 በመቶ ገደማ ጨምሯል። በዚያው ጥናት ቁጥጥሩ በተጀመረበት ጊዜ ቤቱ ውስጥ የነበሩ ተከራዮች በግልጽ ተጠቅመዋል፤ ጉዳቱ ያረፈው በኋላ ቤት ፈላጊ ሆነው በመጡት ላይ ነው።

የጠፋው ትርፍ ምንድን ነው? ደረጃ በደረጃ እንዴት ይገኛል?

የተከራይ ትርፍ ማለት ለመክፈል ይፈቅድ ከነበረው ላይ የከፈለው ሲቀነስ ነው። 20,000 ብር እስከ መክፈል የሚደርስ ሰው በ12,000 ከተከራየ ትርፉ 8,000 ነው። የአከራይ ትርፍ ደግሞ ከተቀበለው ላይ ለማከራየት ይበቃው የነበረው ትንሹ ዋጋ ሲቀነስ ነው። የሁሉንም ስንደምር ሁለቱም የሦስት ማዕዘን ስፋት ይሆናሉ።

ጣሪያ ከመምጣቱ በፊት የተከራዮች ትርፍ ½ × (22,000 − 12,000) × 10,000 ነው፤ በወር 50 ሚሊዮን ብር። የአከራዮችም ½ × (12,000 − 2,000) × 10,000፣ ያው 50 ሚሊዮን። ድምሩ 100 ሚሊዮን።

ጣሪያው ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈለገው አንድ አዲስ ቁጥር ነው፦ 7,000 ቤቶች ብቻ ሲኖሩ የመጨረሻዋን ቤት የሚወስደው ሰው እስከ ስንት ይከፍል ነበር? ከፍላጎት ቀመሩ 7,000 = 22,000 − P ስንል P 15,000 ይወጣል። ይህ ቁጥር በጥቁር ገበያውም ላይ ተመልሶ ይመጣል።

```
ተከራይ = ½(22000-15000)(7000) + (15000-9000)(7000)
      = 24.5 + 42 = 66.5 ሚሊዮን
አከራይ = ½(9000-2000)(7000) = 24.5 ሚሊዮን
ድምር  = 91 ሚሊዮን
የጠፋ  = 100 - 91 = 9 ሚሊዮን
```

በአቋራጭ ለማረጋገጥ፣ የጠፋው ሦስት ማዕዘን ቁመቱ 15,000 − 9,000፣ ወርዱ 10,000 − 7,000 ነው። ½ × 6,000 × 3,000 ተመልሶ 9 ሚሊዮን ይሰጣል። ካልገጠመ አንዱ ቦታ ላይ 12,000ን በ15,000 ምትክ ተጠቅመዋል ማለት ነው፤ ቁመቱን ከ12,000 ላይ የሚጀምር ሰው ግማሹን ብቻ ቆጥሮ 4.5 ሚሊዮን ያገኛል።

አከራዮች ያጡት 25.5 ሚሊዮን ሁሉ አልጠፋም። 21 ሚሊዮኑ፣ ማለትም 3,000 ብር በ7,000 ቤት ሲባዛ፣ ከአከራይ ኪስ ወደ ተከራይ ኪስ የተዛወረ ነው። ከዚህ ዝውውር ውጭ ሁለቱም ወገኖች 4.5 ሚሊዮን 4.5 ሚሊዮን አጥተዋል። ያ 9 ሚሊዮን የማንም ኪስ ውስጥ አልገባም፤ 12,000 ቢከፈልባቸው ኖሮ ይከራዩ የነበሩት 3,000 ቤቶች ሳይከራዩ ቀርተዋል።

በዚህ ስሌት ተከራዮች 16.5 ሚሊዮን አተረፉ። ታዲያ ምኑ ነው ችግሩ?

ስሌቱ በውስጡ የደበቀው አንድ ግምት አለ፦ 7,000ዎቹን ቤቶች ያገኙት ከሁሉም በላይ የሚፈልጓቸው 7,000 ሰዎች ናቸው ይላል። እንዲህ የሚያደርግ ነገር ግን የለም። ከዚህ በፊት ሰዎችን የሚለያቸው ዋጋው ነበር፤ አሁን ዋጋው 9,000 ላይ ስለቆመ 13,000ዎቹም ሰዎች በእኩል ተሰልፈዋል። ቤቱን የሚያገኘው ቀድሞ የሰማው፣ የባለቤቱ ዘመድ የሆነው ወይም ልጅ የሌለው ነው።

እንግዲህ ቤቶቹ በዕጣ እንደተከፋፈሉ እንቁጠር። 13,000ዎቹ ፈላጊዎች ለመክፈል የሚፈቅዱት ከ9,000 እስከ 22,000 ስለሆነ አማካዩ 15,500 ነው። ቤት ያገኘ ሰው በአማካይ 15,500 − 9,000 = 6,500 ብር ያተርፋል። በ7,000 ሲባዛ 45.5 ሚሊዮን ይሆናል።

ይህ ጣሪያ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው 50 ሚሊዮን ያነሰ ነው። ተከራዮች እንደ ቡድን፣ ኪራዩ በ3,000 ብር ረክሶላቸው፣ ከበፊቱ ያነሰ ትርፍ አላቸው። ጠቅላላው የጠፋው ትርፍም ከ9 ሚሊዮን ወደ 30 ሚሊዮን አደገ፤ ተጨማሪው 21 ሚሊዮን የመጣው ቤቱ ለማይገባው ሰው ከመድረሱ ነው። መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ገጽ የሚሰጡት ሦስት ማዕዘን እዚህ ላይ ከኪሳራው አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። እውነተኛው ውጤት በሁለቱ መካከል የሚወድቅ ነው፤ ወዴት እንደሚጠጋ የሚወስነው ቤቱ በምን መንገድ እንደሚታደል ነው።

ስቶክሆልም ዕጣውን በወረፋ ተክታዋለች። ቁጥጥር ያለበትን የኪራይ ቤት በከተማው የቤት አገልግሎት በኩል ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ በአማካይ 9 ዓመት ገደማ ነው፤ መሀል ከተማ ደግሞ ከዚያ በጣም ይረዝማል። ወረፋ ከዘመድ አዝማድ አሠራር ይሻላል፤ ሆኖም ትናንት ከተማዋ የደረሰ ስደተኛና እዚያው ተወልዶ በ18 ዓመቱ የተመዘገበ ወጣት በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። እዚያ ያሉ ብዙ ሐበሾች ከሌላ ተከራይ ላይ በሁለተኛ እጅ እየተከራዩ ከቤት ቤት የሚዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በጥቁር ገበያ ኪራዩ ስንት ይሆናል?

ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ቤቶቹ 7,000 ላይ ቆመው ከቀሩ፣ ማለትም አከራዮች አቅርቦታቸውን በ9,000 ብር ወስነው ልዩነቱን በድብቅ የሚቀበሉት ጥቂት አከራዮች ወይም መሀል የሚገቡ ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ ዋጋው እስከ 15,000 ሊወጣ ይችላል። በወረቀት 9,000፣ በእጅ 6,000። ሁሉም ቤት እንዲህ ከተከራየ የድብቁ ገንዘብ በወር 42 ሚሊዮን ነው። የተከራዮች ትርፍ ወደ 24.5 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ከነበረው ከግማሽ በታች መሆኑ ነው። 42 ሚሊዮኑ ለአከራዩ ሊገባ ይችላል፤ ቤቱን በ9,000 ይዞ ለሌላ በ15,000 ለሚያከራይ ተከራይም፣ ለደላላም ሊገባ ይችላል።

አከራዩ ራሱ የድብቁን ገንዘብ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ካወቀ ግን አቅርቦቱን የሚወስነው በ9,000 አይደለም፤ ተጨማሪ ቤቶች ይወጣሉ፣ ዋጋውም ከ15,000 ይወርዳል። የሚቀረው የመያዝ ፍርሃት ነው። 60,000 ብር የሚያስቀጣ ጥፋት በአንድ ወር ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ከ30 አንድ ነው እንበል፤ ሥጋቱ ለአከራዩ በወር 2,000 ብር ወጪ ነው። ከተከራይ የሚቀበለው P ቢሆንም በልቡ የሚቆጥረው P − 2,000 ነው።

```
Qs = (P - 2000) - 2000 = P - 4000
22000 - P = P - 4000
P = 13000,  Q = 9000
```

ተከራዩ 13,000 ይከፍላል፣ አከራዩ ሥጋቱን ቀንሶ 11,000 ያገኛል፣ የሚከራዩት ቤቶችም 9,000 ይሆናሉ። ሥጋቱ ዜሮ ቢሆን ተመልሰን 12,000 ብርና 10,000 ቤት ላይ እናርፍ ነበር።

እንግዲያው ጥቁር ገበያው ጉዳቱን ይጠግነዋል ማለት ነው?

በቤት ብዛት ከታየ አዎ፤ ከ7,000 ወደ 9,000 መልሷል። ቤቱም የበለጠ ለሚፈልገው ይደርሳል። የተከራዮች ትርፍ ½ × 9,000 × 9,000 = 40.5 ሚሊዮን፣ የአከራዮችም እንዲሁ 40.5 ሚሊዮን ነው። ከ100 ሚሊዮን ላይ 1 ሚሊዮኑ ሳይከራዩ በቀሩት 1,000 ቤቶች የጠፋ ሲሆን፣ 18 ሚሊዮኑ ደግሞ የሥጋቱ ዋጋ ነው። ይህ 18 ሚሊዮን ቅጣት ሆኖ መንግሥት ካዝና ከገባ አልባከነም፤ በመደበቅ ልፋት፣ በክርክርና በሽሽት ካለቀ ግን ሙሉ በሙሉ ባክኗል። ከዚህ በላይ ልብ የሚባለው፣ ተከራዩ ጣሪያው ከመምጣቱ በፊት 12,000 ይከፍል ነበር፤ አሁን 13,000 ይከፍላል።

ሂሳቡ ውስጥ የማይገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የድብቁ ክፍያ ማስረጃ የለውም። ለሁለት ዓመት ውል በወር 4,000 የድብቅ ልዩነት ተስማምተው ተከራዩ አንድ ላይ ቆጥሮ ሰጠ እንበል፤ 24 ወር ሲባዛ 96,000 ብር ነው። በስምንተኛው ወር ቢወጣ ወይም እንዲወጣ ቢደረግ የ16 ወሩ 64,000 ብር በአከራዩ እጅ ይቀራል። ውሉ ላይ 9,000 ስለሚል የሚጠየቅበት መንገድ ጠባብ ነው፤ መጠየቁ ራሱ ጥፋቱን እንደ መናዘዝ ሊቆጠርበት ይችላል። በስዊድን ከ2019 እ.ኤ.አ. የሕግ ማሻሻያ ወዲህ የኪራይ ውል በገንዘብ የሚገዛ ሰውም እንደ ሻጩ ያስቀጣል። እንዲህ ያለ ሕግ ገዢውን ያስፈራል፤ ነገር ግን ከሻጩ ጋር ተጣልቶ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ የሚችለውን ብቸኛ ምስክርም ዝም ያሰኛል።

የድብቁ ገንዘብ ሁልጊዜ በፖስታ አይመጣም። «ዕቃውን ግዛኝ» ተብሎ አሮጌ አልጋና ቁም ሳጥን በ100,000 ብር ይሸጣል፤ ለጥበቃና ለጄነሬተር የሚባል ክፍያ ከኪራዩ ጋር ይስተካከላል። ኪራዩ በባንክ እንዲከፈል ሲገደድም 9,000ው በባንክ ይገባል፣ ቀሪው በእጅ።

የ2016ቱ የኢትዮጵያ አዋጅ የዋጋ ጣሪያ ነው?

በቀጥታ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለስቱዲዮ ይህን ያህል፣ ለባለ ሁለት መኝታ ይህን ያህል ብሎ አይተምንም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል፤ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚያሳውቀው መጠን እንዳያልፍ ያስራል። የሚገደበው ዕድገቱ ነው።

እንዲህ ያለው ገደብ በመጀመሪያው ቀን አይይዝም። 12,000 የነበረው ኪራይ 12,000 ላይ ሲታሰር ገበያውም እዚያው ነው። ጣሪያ የሚሆነው ከተማው ሲያድግና ገቢ ሲጨምር ነው። ፍላጎቱ ወደ 26,000 − P ተሻገረ እንበል፤ አዲሱ ሚዛናዊ ዋጋ 14,000፣ ቤቱም 12,000 ይሆን ነበር። ጭማሪ ባይፈቀድ አቅርቦቱ 10,000፣ ፍላጎቱ 14,000 ሆኖ እጥረቱ 4,000 ነው። የመጨረሻዋን ቤት የሚወስደው ሰው እስከ 16,000 ስለሚከፍል ትንሹ የጠፋ ትርፍ ½ × 4,000 × 2,000 = 4 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የተፈቀደው ዓመታዊ ጭማሪ ወደ 14,000 ካደረሰው ሁሉም ዜሮ ነው። ስለዚህ በዚህ ሕግ ላይ መታየት ያለበት በየዓመቱ የሚታወጀው በመቶኛ ከገበያው ዕድገት ጋር ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ ዓመት ከዓመት የሚደራረብ ከሆነ ገደቡ ሳይነገር ወደ ጣሪያነት ተለውጧል።

ጥራቱስ? በቀመሩ ውስጥ የለም።

የለም፤ ሁሉም ቤት ተመሳሳይ ነው ብለን ስለጀመርን። በተግባር ግን አከራዩ ዋጋ መጨመር ሲከለከል ቤቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ የሚያፈስ ጣራ አያስጠግንም፣ ቀለም አያስቀባም። የ9,000 ብር ቤት ቀስ በቀስ በእውነትም 9,000 ብር የሚያወጣ ቤት ይሆናል። የቀበሌ ቤት የዚህ ረጅሙ ማሳያ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑ በኋላ ኪራዩ ተቀንሶ ለአሥርት ዓመታት ከዚያው ገደማ ቆየ። የሚሰበሰበው ገንዘብ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ የማይበቃ ስለሆነ ጥገናው በነዋሪው ላይ ወደቀ፤ ነዋሪውም ጓሮው ላይ ቀጥሎ፣ ደባል አስገብቶ፣ ክፍሉን በገበያ ዋጋ አከራየ። አከራዩ መንግሥት ቢሆንም ልዩነቱ መግቢያ ቀዳዳ አላጣም።

ጣሪያው እንደያዘ ከውጭ በምን ይታወቃል?

ማስታወቂያ ላይ ዋጋ መጻፍ ይቀንሳል፤ «ደውሉ» ብቻ ይሆናል። ባዶ ቤት ሳይታወጅ በትውውቅ ይያዛል፣ የደላላው ክፍያ ከአንድ ወር ኪራይ ይዘላል፣ አከራዩ የሥራ ቦታና የቤተሰብ ብዛት መጠየቅ ያበዛል። ተከራዮችም ሥራቸው ከተማው ማዶ ቢዛወር እንኳ ቤት አይለቁም።

ውል ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፉ ብቻውን ግን ምልክት አይደለም። ጣሪያ በሌለበትም የኪራይ ገቢ ግብር ለመቀነስ ይደረጋል። ሁለቱን ለመለየት ባዶ ቤቶችን ማየት ነው። ግብር ለመሸሽ በሚደበቅበት ገበያ ፈላጊው የተባለውን ዋጋ ከከፈለ ቤት ያገኛል፤ ጣሪያ በያዘበት ገበያ ግን ውሉ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ይዞ የሚዞር ሰው ቤት አያገኝም።